«በወር 2% ብቻ»፦ የዓመቱ ዋጋ በግድ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ሄኖክ፦ 12,000 ብር ለ12 ወር ተበደርኩ እንበል። በየወሩ 1,000 እመልሳለሁ፣ በዛ ላይ ከመነሻው ብድር 2% እከፍላለሁ። ሲጀመር ደግሞ የአገልግሎት ተብሎ 3% ይቆረጣል። ይሄ በዓመት ስንት ነው? አበዳሪዎችስ የዓመቱን ቁጥር እንዲጽፉ ሕግ ያስገድዳቸው ወይስ የወሩ ይበቃል?

ዳዊት፦ ምን ያስቸግራል? ሁለትን በ12 ስታባዛ 24፣ ሦስት ስትጨምር 27%። ማባዛት ላቃተው ሰው ሁሉ ሕግ ይውጣ እንዴ?

ራሔል፦ ዳዊትዬ፣ ብሩ ዓመቱን ሙሉ እጅህ ላይ ቢቆይ ልክ ነበርክ። ግን በየወሩ እየመለስክ ነው። በመጨረሻው ወር የቀረብህ ዕዳ 1,000 ብር ብቻ ነው፤ የምትከፍለው ግን ያው 240 ነው። የየወሩን ቀሪ ዕዳ ደምረህ ለ12 ስታካፍል አማካዩ 6,500 ይመጣል። ወጪህ ደግሞ 2,880 እና 360፣ በድምሩ 3,240። አሁን 3,240ን ለ6,500 አካፍለው። 50% ገደማ ነው።

ዳዊት፦ ኧረ! እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ብዙ ዓመት የብድር ሒሳብ ስሠራ ኖሬያለሁ። ራሔል፣ መንገድሽ ጥሩ ነው፤ ግን ግምት ነው። ሄኖክ እጅ የገባው 12,000 ሳይሆን 11,640 ነው፤ 360ው መጀመሪያውኑ ተቆርጧል። ስለዚህ ጥያቄው 1,240 ብር 12 ጊዜ ሲከፈል 11,640ን የሚዘጋው የወር ወለድ ስንት ነው የሚለው ነው። ኤክሴል ላይ እንዲህ ጻፉ፦

```
=RATE(12,-1240,11640)
=(1+RATE(12,-1240,11640))^12-1
```

የመጀመሪያው 4% ገደማ ይሰጣችኋል። ያላመነ በእጁ ይሞክረው። የ11,640 ብር 4% 465.60 ነው። 1,240 ሲከፈል ዕዳውን የሚቀንሰው 774.40 ብቻ ነው፣ ቀሪው 10,865.60 ይሆናል። በዚሁ ቀጥሉ፤ በ12ኛው ወር የምትቀረው 4 ብር ያህል ናት። እሷም የቀረችው ትክክለኛው ቁጥር ከ4 በጣም በትንሹ ስለሚያንስ ነው።

ሰው የሚሳሳተው 11,640 በሚለው ቦታ 12,000 ሲጽፍ ነው። ያኔ መልሱ 3.5% ገደማ ይወጣል፣ የአገልግሎት ክፍያው ድምጹን አጥፍቶ ያመልጣል። የመቀነስ ምልክቷን ከረሳችሁ ደግሞ `#NUM!` ብሎ ይቆማል።

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ ታዲያ በዓመት 48 ነው ወይስ 60? ሁለተኛው መስመር 60% አለኝ።

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ሁለቱም ይባላል፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1968 ባወጣችው ሕግ የወሩን በ12 ማባዛት ነው፤ 48 ይጻፋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ወለድ በወለድ ላይ እየታሰበ ይሁን ይላል፤ 60 ይጻፋል። ያው አንድ ብድር ነው። ሕግ ይውጣ ከተባለ ቀመሩንም ይናገር፣ አለዚያ ሁሉም የሚያምርበትን ይመርጣል።

ሰናይት፦ እኔ ደግሞ ልክ እንደዚህ ዓይነት ብድር ነበረኝ። ቶሎ ከፍዬ ልገላገል ብዬ በ6ኛው ወር ዘጋሁት። የቀሪውን ስድስት ወር 2% ሳይቀር ተቀበሉኝ! ይሄ ወለድ ነው ቅጣት?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ስሙን ተይው፣ ስሌቱን እይ። በ6ኛው ወር ከመደበኛው 1,240 ጋር ቀሪውን 6,000 ዋና እና 1,440 ክፍያ ጨምረሽ በአንዴ 8,680 ከፍለሻል። ያኔ የወሩ ዋጋ ከ4% ወደ 5.4% ገደማ ይወጣል። ቶሎ በመክፈልሽ ብድሩ ተወደደብሽ። 60% ተብሎ ማስታወቂያው ላይ ቢጻፍ እንኳ ይሄ አይታይሽም ነበር።

ዮናስ፦ እኔ ግን በግድ ይጻፍ የሚለው አይዋጥልኝም። ለአንድ ወር 1,000 ብር ወስጄ 50 ብር ጨምሬ ብመልስ በእናንተ ስሌት በዓመት 80% ገደማ ነው። ሰው ይደነግጣል፤ እውነቱ ግን 50 ብር ናት! አነስተኛ ብድር መዝግቦ ማስተዳደርም እኮ ወጪ አለው።

ራሔል፦ አንድ ጊዜ ከወሰድክ እሺ። በየወሩ መልሰህ ስታድሰውስ? በዓመቱ 600 ብር ከፍለህ 1,000ዋ እንዳለች ትቀመጣለች።

ዮናስ፦ እሱ የተበዳሪው ምርጫ ነው።

ዳዊት፦ ለእኔ ሁለቱም ይጻፍ። እጅህ የሚገባው ይህን ያህል፣ በጠቅላላ የምትመልሰው ይህን ያህል፣ ከሥሩ የዓመቱ። 11,640 ወስደህ 14,880 ትመልሳለህ ቢሉኝ ያን 27% አልጽፍም ነበር።

ራሔል፦ ትጽፍ ነበር። 3,240ን ለ12,000 ስታካፍለው ያው 27 ነው የሚሰጥህ።