የሞተረኛችን ስልክ ተሰረቀ፤ የደንበኞቻችን ዝርዝር ውስጡ ነበር

ባለ ዘንቢሏ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኮምቦልቻ ላይ አስቤዛ ቤት ድረስ እናደርሳለን። ትዕዛዝ በቴሌግራም ቦት ይመጣል፣ ዝርዝሩ ጉግል ሺት ላይ ይገባል። አርብ ማታ 11:30 ላይ ሞተረኛችን መናኸሪያ አካባቢ ስልኩን ተሰረቀ። ስልኩ የይለፍ ቁጥር የለውም። ልጁ ፈርቶ አድሮ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የነገረኝ። ሺቱ ላይ የ1,140 ሰው ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የልደት ቀን፣ ሃይማኖትና የመታወቂያ ፎቶ አለ። ሲመዘገቡ «በሁሉም ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሳጥን ነክተዋል። ለማን ነው የሚነገረው? ወይስ ዝም ይሻላል?

የሐረጎ ሹፌር
አብሽሪ እህቴ። የኔም ደሴ ፒያሳ ላይ ከኪሴ ሄዶ ያውቃል። ቶሎ ሲሙን አዘጊ፣ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቺ። የስልኩ ካርቶን ካለ ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፏል፣ ያንን ይዘሽ ሂጂ። የኔ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ባለ ዘንቢሏ
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ሲሙ ተዘግቷል። ጭንቀቴ ግን ስልኩ አይደለም፣ ዝርዝሩ ነው።

ጦሳ ስር
እኔ ብዙ አልጨነቅም ነበር። ደንበኞቹ ተስማምተዋል፣ አለቀ። ለማሳወቅም ቢሆን አዋጁ 72 ሰዓት ይሰጣል፤ አንቺ ከሰማሽበት ቢቆጠር እስከ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ጊዜ አለሽ። መጀመሪያ ሌባው ሺቱን መክፈት አለመክፈቱን አጣሪ። `Version history` ላይ ምንም ከሌለ ማንንም አታስደንግጪ።

የድሮ አድሚን (ደሴ)
ጦሳ ስር፣ ስለ 72 ሰዓቱ ልክ ነህ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ላይ አለ፣ የሚነገረውም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሌላው ላይ ግን አልስማማም።

`Version history` የሚያሳየው ማን እንደጻፈና እንደሰረዘ ነው። ከፍቶ ያነበበ፣ ፎቶ ያነሳ ወይም ኮፒ አድርጎ የወሰደ እዚያ ላይ አይታይም። ባዶ ስለሆነ ማንም አላየውም ማለት አይቻልም።

ሰዓቱንም እኔ ከአርብ ማታ 11:30 ነው የምቆጥረው። ልጁ ሠራተኛችሁ ነው። እሱ አወቀ ማለት ድርጅቱ አወቀ ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ሰኞ ማታ 11:30 ሳይሞላ ላኪ።

አሁን፣ ምሳ ሳትበዪ፣ ይህን አድርጊ። ሺቱ ላይ `Share` ውስጥ ገብተሽ `Anyone with the link` የሚል ካለ ወደ `Restricted` ቀይሪው። የመታወቂያ ፎቶዎቹ ምናልባት ሌላ ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ ሺቱ ላይ ያለው ሊንካቸው ብቻ ነው። ሺቱን ዘግተሽ ፎልደሩን ከረሳሽ በሩን ቆልፈሽ መስኮቱን ከፍተሽ ሄድሽ ማለት ነው። የልጁን ጂሜይልም ከሁለቱም አውጪው። ከቴሌግራም የትዕዛዝ ግሩፑም አስወጪው፤ ስልኩ ላይ ቴሌግራሙ አሁንም ክፍት ነው፣ ሲም መዘጋቱ አያዘጋውም። እያንዳንዱን ስትሠሪ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ለሪፖርቱ ያስፈልግሻል።

ባለ ዘንቢሏ
ጋሼ፣ ልክ እንዳሉት ፎልደሩ ለብቻው ክፍት ነበር! ሁለቱንም 6:10 ላይ ዘግቻለሁ። ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ? ደንበኞቹስ?

የድሮ አድሚን
ምን እንደሆነና መቼ፣ የስንት ሰው፣ ምን ዓይነት መረጃ፣ በሰዎቹ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል፣ እናንተ ምን እንዳደረጋችሁ። አንድ ገጽ ይበቃል። ያላጣራሽውን «በማጣራት ላይ ነን» በይና ላኪ፣ ቀሪውን በኋላ ትጨምሪያለሽ። ሁሉ እስኪሟላ ብለሽ ሰዓቱን አታሳልፊ።

ስምና ስልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለደንበኛ ስለመናገሩ እንከራከር ነበር። መታወቂያና ስልክ ቁጥር አንድ ላይ ከወጡ ግን አጭበርባሪ በሰው ስም ብዙ ይሠራበታል። ስለዚህ ንገሪያቸው። አጭር ኤስኤምኤስ፣ ሊንክ የሌለው፦

«ከሠራተኛችን በተሰረቀ ስልክ በኩል የእርስዎ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ ሃይማኖትና የመታወቂያ ፎቶ በሌላ ሰው ሊታይ ይችላል። በእኛ ስም ደውሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ካለ አይስጡ። ይቅርታ እንጠይቃለን። በተለመደው ቁጥራችን ይደውሉልን።»

ሃይማኖቱን ዘለሽ «አንዳንድ መረጃ» እንዳትዪ። ለመሆኑ አስቤዛ ለማድረስ ሃይማኖት ምን ያደርግላችኋል?

ባለ ዘንቢሏ
ለሥጋው ነው ጋሼ። የሙስሊም ወይስ የክርስቲያን ብለን በየጊዜው ከመጠየቅ አንዴ መዝግበን ብንይዝ ይቀላል ብለን። ለጾም ጊዜም ማስታወቂያ ለመላክ። መታወቂያው ደግሞ ደመወዝ ሲወጣ ለሚከፍሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ነው።

ሐይቅ ማዶ
እኔ ፔንሲዮን አለኝ። የእንግዳ መታወቂያ ኮፒ ከስንት ዓመት ጀምሮ በካርቶን ተከምሯል። ይህን ሳነብ ካርቶኑ ትዝ አለኝ፣ ላቃጥለው እንዴ?

የድሮ አድሚን
ሐይቅ ማዶ፣ ቀስ በል! እንግዳ መመዝገብ ሌላ ሕግም ሊነካው ይችላል፣ መጀመሪያ ጠይቅ።

ባለ ዘንቢሏ፣ በዱቤ የሚወስዱት ስንት ናቸው?

ባለ ዘንቢሏ
90 ቢሆኑ ነው።

የድሮ አድሚን
እንግዲህ የ1,050 ሰው መታወቂያ ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር። የ90ውንም ቢሆን ዕዳው ሲዘጋ አጥፊው። የልደት ቀኑን ዛሬውኑ አውጪ።

ሥጋውን ትዕዛዙ ላይ ምርጫ አድርጊው፣ የሰውየው ስም አጠገብ «ሃይማኖት» የሚል ዓምድ አይኑር። ልብ በይ፣ የትዕዛዝ ታሪኩ ራሱ ሃይማኖቱን ይናገራል። ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት ልኳንዳ የሚያዝ ሰው ሳይጠየቅ ታወቀ። ስለዚህ ሂሳብ የተዘጋበትን ትዕዛዝ ስምና ስልኩን አውጥተሽ ብዛቱንና ዋጋውን ብቻ ያዢ።

ሞተረኛው ደግሞ ዋናውን ሺት ማየት አልነበረበትም። የዕለቱ ትዕዛዝ ብቻ ይድረሰው፦ የመጠሪያ ስም፣ ስልክ፣ ምልክት ያለው አድራሻ። ማታ ይጥፋ። አርብ ስንት ቤት ነበር ያደረሰው?

ባለ ዘንቢሏ
14።

የድሮ አድሚን
ዛሬ የምትጽፊው ኤስኤምኤስ ለ14 ሰው ይሆን ነበር።

ጦሳ ስር
እሺ፣ ስለ ሂስትሪው ተረትቻለሁ። ግን ሳጥኑን ነክተዋል እኮ! ያ ስምምነት ካልሆነ ምንድን ነው?

የድሮ አድሚን
ሰዎቹ ቢስማሙም መረጃውን መጠበቅ የእሷ ግዴታ ነው። ደግሞ ዕቃ ለማድረስ አድራሻ መቀበል የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ያለ እሱ ሥራው አይሠራም። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለማስታወቂያው ነው። ያ ለብቻው ሳጥን ይኑረው፣ ምልክቱን ደንበኛው ራሱ ያድርግ፣ እንቢ ያለም ትዕዛዙ ይድረሰው። መቼና የትኛውን ጽሑፍ አንብቦ እንደተስማማ ይመዝገብ፣ ማስረጃ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ። ሲሰለቸው «አቁም» ብሎ ከላከ ይቁም። አንድ ሳጥን ለሁሉም ከሆነ ግን ለምኑ እንደተስማማ ማን ያውቃል?

ጦሳ ስር
መረጃው አገር ውስጥ ባለ ሰርቨር ይቀመጥ የሚባለውስ? ጉግል ሺት እኮ ውጭ ነው።

የድሮ አድሚን
እሱን ሕግ ባለሙያ ይመልሰው። ለባለሥልጣኑ ስትጽፍ አብራ ብትጠይቅ አይከፋም። እኔ ግን ሰኞ እስኪመሽ ሌላ ነገር አልነካም።

ባለ ዘንቢሏ
(እሑድ ማታ) ሪፖርቱን በኢሜይል ልኬያለሁ። ኤስኤምኤሱ ለሁሉም ሄደ። 30 የሚሆኑ ሰዎች ደወሉ፣ ሁለቱ ክፉኛ ተቆጡ። አንዷ እናት ትናንት ማታ «ከዘንቢል ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ኮድ የጠየቃት ሰው እንደነበር ነገረችኝ። አልሰጠችውም። ይህንን ሪፖርቱ ላይ ልጨምር?

የድሮ አድሚን
ዛሬውኑ። የደወለበትን ቁጥርና ሰዓቱን ተቀበያት፣ ስሟን ግን ሪፖርቱ ላይ አትጻፊ።