የሲቢሲ የደም ምርመራ ውጤት ተቀያይሮብናል፤ ማን ማን እንደተነካ እንዴት ልለይ?

ጠያቂ፦ ድሬዳዋ፣ ክሊኒክ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ዛሬ ጠዋት 26 ሲቢሲ ሠራን። የአንዲት ነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን 7.4 ወጣ። ከሦስት ቀን በፊት እዚሁ 12.6 ነበር። አልደማችም፣ ፊቷም አልገረጣም። ደግመን ቀዳን፣ 12.4። ታዲያ 7.4ቱ የማን ነው? ግማሹ ታካሚ ወረቀቱን ይዞ ሄዷል።

የከዚራ ልጅ፦ አቦ የድሬ ሙቀት ነዋ! ደም ሲቆይ ይበላሻል። እኛ ጋ ፖታሲየም ጣራ ሲነካ አይቻለሁ።

አሮጌው ላብ፦ የፖታሲየሙ እውነት ነው። ሄሞግሎቢንን ግን ሙቀት በአንድ ጠዋት 5 አያወርደውም። ማሽኑ ራሱ ሴሉን አፍርሶ ነው የሚለካው። ወንድሜ፣ ኤም ሲ ቪውን፣ የቀይ ደም ሴሉን አማካይ መጠን እየው። እሱ በሦስት ቀን እንዲህ አይለወጥም።

ጠያቂ፦ ያኔ 89፣ ጠዋት 66፣ በድጋሚው 89።

አሮጌው ላብ፦ እንግዲያው ደሙ የሌላ ሰው ነው። አንድም ቲዩብ እንዳይጣል። የማሽኑን ዝርዝር በሰዓቱ ቅደም ተከተል አውጣና ከመዝገቡ ጋር አስተያየው። ማሽኑ የናሙናውን ተራ ቁጥር በራሱ የሚጨምር ከሆነ፣ መሃል ላይ የረጋ ደም ተነስቶ እንደሆነ ጠይቅ። ከዚያ ቲዩቡ ላይ ያለውን ስም እያነበብክ፣ ቁጥሩን በእጅህ እያስገባህ ሁሉንም ድገም። የዛሬ ደም ስለሆነ ይሠራል።

እናት፦ የልጄን የደም ዓይነት አንዱ ጋ ኤ፣ ሌላው ጋ ቢ አሉኝ። ይሄው ይሆን?

አሮጌው ላብ፦ እህቴ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ከአዲስ ደም ይደገምለት፤ በድሮ ወረቀት አትመኚ።

ጠያቂ፦ ተገኘ! 11ኛው ረግቶ ነበር። ባልደረባዬ አንስቶት፣ እንደገና ሲቀዳ መጨረሻ ላይ አስገባው። ማሽኑ ግን ቁጥር አልዘለለም። የ12 ደም በ11 ስም፣ የ13 በ12 እያለ ሄዶ የ11 ደም 26 ላይ አረፈ። 26 ገብቶ 26 ስለወጣ ማንም አልጠረጠረም። ከ1 እስከ 10 ድጋሚው ገጥሟል። የቀሩት 16ቱ የሌላ ሰው ወረቀት ነው የያዙት። ነፍሰ ጡሯ 17 ናት፤ 7.4ቱ የ18ኛዋ ነው። እሷ 13.1 ተብላ ቤቷ ገብታለች። የወባ ስላይድ ስሙ መስታወቱ ላይ ስለሚጻፍ አልተነካም። የ22 ቲዩብ ግን የለም።

አሮጌው ላብ፦ ውጤቱ 21 ላይ ተቀምጧል ብለህ በወረቀት እንዳታዛውረው። እንደገና ቅዳ።

ነርስ፦ 18ኛዋን አስቀድም። የተሳሳተውን ወረቀት ከሁሉም ሰብስቡ፣ ሐኪሙም በዚያ ውጤት መድኃኒት ያዘዘለትን ይለይ።

ጠያቂ፦ የ18ኛዋ ስልክ አይነሳም። ካርዷ መልካ ጀብዱ ይላል። ባጃጅ ይዤ እየሄድኩ ነው።