ቦንዱ 10 ሚሊዮን ላይ አልዘጋ አለኝ፣ ኦዲተሩ ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው

የገላኗ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ድረሱልኝ! ድርጅታችን 10 ሚሊዮን ብር የተጻፈበት የ3 ዓመት ቦንድ ሸጧል። ኩፖኑ፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ወለድ፣ 10 በመቶ ነው፣ በየዓመቱ መጨረሻ ይከፈላል። እጃችን የገባው 9,519,634 ብር። ሰንጠረዡን ስሠራ 3ኛው ዓመት ላይ 10,119,634 ወጣልኝ። ይህ 119,634 ከየት መጣ? ኦዲተሩ ነገ 3 ሰዓት ገላን ይደርሳል፣ እዚህ ደግሞ መብራት ሄድ መጣ እያለ ነው።

ቡራዩ፦ ቀላል ነው እህቴ። 10 ሚሊዮን ሲቀነስ 9,519,634፣ 480,366። ለ3 አካፍይው፣ በዓመት 160,122 ነው። አለቀ።

ነጋዴው፦ መጀመሪያ ይህ ሒሳብ ሳይሆን ኪሳራ ነው። ባለ 10 ሚሊዮኑን ወረቀት በ9 ነጥብ 5 የሸጠ ማን ነው? እኔ ሲሚንቶ እንዲህ ብሸጥ ሚስቴ ከቤት ታስወጣኝ ነበር።

ጡረተኛው ኦዲተር፦ ነጋዴው፣ ሲሚንቶ አይደለም። ኩፖኑ ወረቀቱ ላይ ከታተመ በኋላ አይቀየርም፤ ገበያው ግን ይቀየራል። በሽያጩ ቀን ተመሳሳይ ስጋት ያለበት ቦታ 12 በመቶ የሚያገኝ ሰው በ10 በመቶ ገንዘቡን አይሰጥሽም። ወለዱን ማሳደግ ካልቻልሽ የቀረሽ ዋጋውን መቀነስ ነው። ኩፖኑ 14 ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተገልብጦ 10,480,366 ይከፍሉሽ ነበር።

የኔ ልጅ፣ ገበያው ስንት እንደሆነ ሳትነግሪን ነው የጠየቅሽው፤ ከሰጠሽው ቁጥር አውጥቼዋለሁ፣ 12 በመቶ ነው። ኤክሴል ላይ አረጋግጪ፦

```
=PV(12%,3,-1000000,-10000000)
```

ጥፋትሽ ያለው ወለዱ የሚሰላበት ላይ ነው። በየዓመቱ 12 በመቶውን ከ10 ሚሊዮኑ ላይ ወስደሽ 1,200,000 ጽፈሻል፣ የከፈልሽውን 1,000,000 ስትቀንሺ 200,000 ይቀራል። በ3 ዓመት 600,000 ጨመርሽ፤ መጨመር የነበረብሽ 480,366 ነው። ልዩነቱ ያቺው 119,634 ናት።

የተበደራችሁት እኮ 10 ሚሊዮን አይደለም፣ 9,519,634 ነው። ስለዚህ 12 በመቶው ከመዝገቡ ዋጋ ላይ ይሰላል። 1ኛ ዓመት 1,142,356 የወለድ ወጪ፤ በጥሬ 1,000,000 ከፈላችሁ፣ የቀረው 142,356 ዕዳው ላይ ተደምሮ 9,661,990 ይሆናል። 2ኛ ዓመት ከዚህ ላይ 12 በመቶ 1,159,439፤ ዕዳው 9,821,429። 3ኛ ዓመት 1,178,571፤ ዕዳው 10 ሚሊዮን ላይ ይዘጋል። ምዝገባው የ1ኛ ዓመት፦ ወለድ ወጪ ዴቢት 1,142,356፣ ባንክ ክሬዲት 1,000,000፣ የቦንድ ዲስካውንት ክሬዲት 142,356።

የሰበታ አባት፦ እኔ ለግድቡ የገዛሁት ቦንድ ወረቀቱ አለኝ። ወለዱን የት ነው የምጠይቀው?

ቡራዩ፦ ጋሼ፣ የእኔም ይዘጋል እኮ! 160,122 በ3 ሲባዛ ልክ ነው። ኦዲተሩ ምን ሊል?

ጡረተኛው ኦዲተር፦ መዝጋቱ ይዘጋል። ግን በአንተ መንገድ የ1ኛ ዓመት ወለድ 1,160,122 ይሆናል፤ ለ9,519,634 ይህ 12.19 በመቶ ነው። 3ኛው ዓመት ላይ 11.8 ይደርሳል። ዕዳው እያደገ ወለዱ ሳይንቀሳቀስ ይቀራል፣ ተመኑ ደግሞ በየዓመቱ ይወርዳል። ያበደረው ሰው ግን ሦስቱንም ዓመት በ12 ነው የተዋዋለው። ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት መስፈርት IFRSን የሚከተል ድርጅት ውስጥ ይህን የማያይ ኦዲተር ደመወዙ አይገባውም።

የገላኗ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ!! ተዘጋልኝ። የመጨረሻው ዓመት ላይ ጥቂት ሳንቲም ትወላገዳለች። ሌላው፣ ለአሻሻጩ 100,000 ከፍለን ነበር፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ገብቷል። ልንካው ልተወው?

ነጋዴው፦ ተይው፤ ወጪ ወጪ ነው።

ጡረተኛው ኦዲተር፦ ሳንቲሟን የመጨረሻው ዓመት ወለድ ውስጥ አግቢያት፣ ከማጠጋጋት የመጣች ናት። 100,000ው ግን ነገር ያበላሻል። ለቦንዱ ሽያጭ ብቻ የወጣ ከሆነ ከመነሻው ዕዳ ላይ ይቀነሳል፤ መነሻሽ 9,419,634 ይሆናል፣ ያኔ 12 በመቶ አይዘጋም። ይህን ጻፊ፦

```
=RATE(3,-1000000,9419634,-10000000)
```

ወደ 12.43 በመቶ ይሰጥሻል። ሰንጠረዡን በዚያ ተመን እንደገና ጀምሪው፤ ተመኑን ሳታጠጋጊ ውሰጂው፣ 12.43 ብለሽ በእጅሽ ከጻፍሽ በትንሽ ይጎድላል።

ነጋዴው፦ ለመቶ ሺህ ብር ሌሊቱን ሙሉ? ኦዲተሩ ራሱ «ኢምንት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ጡረተኛው ኦዲተር፦ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን አላልፈውም ነበር፤ የድርጅቱ ትርፍ ስንት እንደሆነ ሳናውቅ ደግሞ ማናችንም አንወስንም። የኔ ልጅ፣ ያለፈው ዓመት ትርፋችሁ ስንት ነው?

ቡራዩ፦ ገላን መብራት ጠፍቷል መሰለኝ፣ ዝም አለች።

የሰበታ አባት፦ ልጆች፣ የእኔን ጥያቄ ያየ የለም?