አምባር ልግዛ ወይስ ጥፍጥፍ ወርቅ?

የምሠራው ዱባይ ነው። ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ወርቅ ላድርጋት ብዬ ዴይራ ገበያ ባለ 21 ካራት፣ 20 ግራም አምባር ጠየቅኩ። ወርቁ በግራም 400 ድርሃም፣ የእጅ ዋጋው 30፤ ማለትም 8,000 ላይ 600 ይጨመርና በጠቅላላው ላይ ደግሞ 5 በመቶ ቫት አለ፣ እሱም 430 ነው። ስሸጠው የሚመዘነው ወርቁ ብቻ ስለሆነ 1,030 ድርሃሙን ውሃ በላው ማለት ነው፣ ያውም ገዢው ከዕለቱ ዋጋ የሚቀንሰው ሳይቆጠር። ባለ 24 ካራቱ ጥፍጥፍ ቫት የለበትም፣ የእጅ ዋጋውም ትንሽ ነው (የ1 ግራሟ ግን በግራም ሲሰላ ትወደዳለች)። እናቴ ደግሞ «አምባሩን ሲቸግርሽ ፒያሳ ያለ ወርቅ ቤት ይቀበልሻል፣ ጥፍጥፉን ማን ያምንሻል?» ትላለች። አዲስ አበባ ጥፍጥፍ የሸጣችሁ አላችሁ? በማሸጊያውና በደረሰኙ ተቀበሏችሁ ወይስ ከፍተው ፈተኑት? ከዋጋውስ ስንት ቀነሱባችሁ?