በጉማሬ ቀለድኩ፣ ሁለት እንግዶች ቀሩብኝ

የጀልባው ልጅ፦ ባህር ዳር ነኝ። እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት እወስዳለሁ። ለነገው ጉዞ ስድስት ፈረንጆችን አንድ ግሩፕ ውስጥ ሰበሰብኩ። እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ እነሱ በስልካቸው እያስተረጎሙ ያነባሉ። አንዷ የቀብዱን ደረሰኝ ከሁሉም ዘግይታ ላከች። «ጎበዝ! አንቺማ በጊዜ ደረስሽ፤ ጉማሬዎቹ እንኳን ቁርስ ሳይበሉ እየጠበቁሽ ነው» አልኳት። እሷ ስለ አድናቆቴ አመስግናኝ «ግን ጉማሬዎቹ ሰው ይበላሉ?» አለች። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሰዎች ቀረን አሉ። ምን ብዬ ልጻፍ?

ሚጡ፦ የሳቅ ምልክት ረስተህ ነዋ! መጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት ጣል ብታደርግ ይገባቸው ነበር።

ወለላ፦ ሚጡዬ፣ ግማሹ ልክ ነው። ምልክቱ «እየሳቅኩ ነው» ይላል እንጂ በምን እንደሆነ አይናገርም። ዘግይታ የከፈለች ሴት ስሟ ተጠርቶ ከሥሩ ሦስት የሚስቅ ፊት ስታይ «በእኔ ነው የሚስቁት» ብትል አይፈረድባትም።

የትርጉም ሥራ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። ወንድሜ፣ አሽሙርህ ያለው «አንቺማ» ላይ ባለችው «ማ» እና «እንኳን» ላይ ነው። ትርጉሙ እነሱን ይጥልና ቃላቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ «ጎበዝ» እውነተኛ ሙገሳ ሆነ፣ የተራቡት ጉማሬዎችም እውነተኛ ዜና።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የምንለውም ይጠፋል። እኔ የሚኮፈስ ጓደኛዬን «እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው በታክሲ የሚሄዱት?» እለዋለሁ። ቀልዱ «እርስዎ» ላይ ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ተራ ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

ጋሽ ሙሉ፦ እኔም ላይ ደርሷል። አሜሪካ ያለች የልጄ ልጅ በጥሩ ውጤት አለፈች፣ «አንጀቴን አራስሽው» ብዬ ጻፍኩላት። አማርኛ አታነብም፣ አስተረጎመችው። «አያቴ፣ ሆስፒታል ነህ?» ብላ ደወለች። ለማንኛውም ልጄ፣ እንግሊዝኛ ብትማር ይሻልሃል።

የጀልባው ልጅ፦ ጋሼ፣ ጉዞው ነገ ነው እኮ!

ወለላ፦ የጋሽ ሙሉ ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። ብዙ ሰው «መልሼ ወደ አማርኛ አስተረጉመዋለሁ፣ ደህና ከመጣ ልክ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ያታልላል። አንጀት በቀጥታ አንጀት ሆኖ ከሄደ፣ ሲመለስም አንጀት ሆኖ ነው የሚመጣው። አንተ ደስ ብሎህ ትልከዋለህ፣ አንባቢዋ ሐኪም ትፈልጋለች። ስለዚህ የተመለሰውን አትመን፤ የሄደውን እንግሊዝኛ ራሱን እይ። ያላሰብከው የሰውነት ክፍል፣ እንስሳ ወይም በዓል ካየህ አረፍተ ነገሩን ቀይረው። በዓል ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ «ገና ነን» ያልኩት የልደት በዓል ሆኖ ወጥቶብኛል። ስንናገር ጠብቆና ላልቶ ይለያል፣ ስንጽፍ ግን አንድ ነው። አሁን «አልደረስንም» ነው የምለው።

ለነገ እንዲህ ብለህ ላክ፦

«ጀልባው ነገ ጠዋት 8:00 ከባህር ዳር ይነሳል። ይህ በእናንተ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ስለ ጉማሬ የጻፍኩት ቀልድ ነበር። ጉማሬ ከሩቅ ልናይ እንችላለን። ጀልባው ወደ ጉማሬ አይጠጋም።»

የእኛን 2 ሰዓት ብትጽፍ ግን በሌሊት ወደብ ላይ ይጠብቁሃል። ደግሞ «ጉማሬ ምንም አያደርግም» ብለህ አትዋሽ፤ ጉማሬ ሲጠጉት አደገኛ ነው።

ሚጡ፦ እንዲህማ ደረቅ ማስታወቂያ ሆነ። ሰው ያለ ቀልድ ይዝናናል እንዴ?

ወለላ፦ መቀለድ ካለበት በራሱ ይቀልድ። «እኔ 20 ጊዜ ዘጌ ሄጃለሁ፤ አሁንም ካልሲዬን ማድረቂያ አላገኘሁም» ቢል፣ ቀልዱ ባይገባቸው እንኳ ማንም አይቀየምም። ሌላውን ጀልባው ላይ፣ ፊታቸውን እያየ ያውጋቸው።

ሚጡ፦ እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ድምፅ ቢልክላቸውስ? ቃሉ ባይገባቸው ሳቁ ይሰማል።

ወለላ፦ ለሚያውቁት ሰው ይሆናል። ገና ላላዩት ሰው ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

የጀልባው ልጅ፦ የጻፍሽልኝን ልኬዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ እመጣለሁ ብሏል፣ ሌላው ዝም። ያቺ ሴትዮ ደግሞ አሁን «ታዲያ ጉማሬው ለቁርስ ምን ይወዳል?» ብላ ጻፈች። እየቀለደች ነው ወይስ አሁንም ፈርታለች? ጨነቀኝ።

ወለላ፦ «ሣር። ማታ ማታ ወጥቶ ይግጣል» በላት። ከቀለደችም ትስቃለች፣ ከፈራችም መልሷን አገኘች።