ጋሼ፣ አክሲዮኑን ልግዛ ወይስ ይቅር?

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ከደመወዜ እየቆነጠርኩ 60,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። ግማሹ ለክፉ ቀን ባንክ ይቀመጥ፣ በግማሹ የባንክ አክሲዮን ልግዛ ብያለሁ። ሻጩ «ዓምና 20 በመቶ ከፍለናል» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ የተማሪዎች ፈተና ሳርም ጠርዙ ላይ ሳሰላው ግን ሌላ ሆነ። 20 በመቶው የሚታሰበው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው 1,000 ብር ነው። እኔ የምከፍለው 1,500 ነው። 200 ብሩ ለእኔ 13 በመቶ ገደማ ነው፣ ያውም ግብር ሳይነሳ። ቁጠባው 7 በመቶ ብቻ ቢሰጥም በፈለግኩ ቀን አወጣዋለሁ። አክሲዮኑን ቸግሮኝ ልሽጥ ብል ገዢ ቶሎ ይገኛል? የተጣበቅኩት እዚህ ላይ ነው። ሂሳብ የእርስዎ ሙያ ነው፤ የባንኩን የኦዲት ሪፖርት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልላክልዎት? አዲስ አክሲዮን ሲበዛ የአንዱ ድርሻ ትርፍ ምን ያህል እንደሚሳሳ ይዩልኝ። ብር አይላኩ፣ እሱን አልጠየቅኩም። ሽያጩ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል።