ጥቆማ፦ ምዝገባው ከዒላማው አንጻር የት እንደደረሰ በቀጥታ የሚያሳይ ዳሽቦርድ በምን ይሠራ?

ማለዳ
የሁለት ቀን ጉባኤ እያዘጋጀን ነው። ዒላማችን 400 ሰው። ምዝገባውን የከፈትነው 60 ቀን ሲቀረው ነው፤ አሁን 21 ቀን ቀርቶታል፤ የተመዘገበው 130 ነው። ቅጹ ጉግል ፎርም ስለሆነ መልሱ ሺት ላይ ይወርዳል። ሉከር ስቱዲዮ ይሻላል፣ ፓወር ቢአይ ወይስ እዚያው ሺቱ ላይ? ወደኋላ ከቀረን በጊዜ እንዲነግረን ነው የምንፈልገው። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሲደርስማ ያለ ዳሽቦርድም ይታወቃል።

ፓወር_ብቻ
ፓወር ቢአይ። ሌላ አትሞክሪ። ግራፉ ያምራል፣ ቁጥሩም ወዲያው ይታደሳል።

ልኬት
ግራፉ ያምራል፤ “ወዲያው” የሚለው ላይ ግን እንተራረም። ከሺት የሚገባ ዳታ በፕሮ ፈቃድ በፕሮግራም የሚታደሰው በቀን እስከ 8 ጊዜ ነው። ሉከር ስቱዲዮ ከሺት ጋር ሲገናኝ በየ15 ደቂቃው ያድሳል። እዚያው ሺቱ ላይ ከተሠራ ደግሞ ፎርሙ እንደተላከ ይታያል። በቀን ጥቂት ሰው ብቻ ለሚመዘገብበት ጉባኤ ሦስቱም ይበቃሉ፤ ስለዚህ መሣሪያው ላይ ብዙ አትጨነቂ።

ቀጥተኛ
ስሌቱ ቀላል ነው። ከ60 ቀን 39ኙ አልፏል፣ 65 በመቶ ማለት ነው። እስካሁን 260 መሆን ነበረበት። 130 ማለት ግማሽ ላይ ናችሁ። ቀይ አብሩ።

በር_ላይ
በር ላይ ሰልፍ እንዳይፈጠር ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ኪውአር ኮድ ላኩ፤ በስልክ ስካን ይደረጋል።

ኮምጣጤ
አመሰግናለሁ። 270 ሰው ሳይመዘገብ እንዴት እንደሚሰለፍም ብትነግረን ጥሩ ነበር።

የተቃጠለ
“ቀጥታ ዳሽቦርድ” የሚባል ነገር ስሰማ ያንገሸግሸኛል። ስሙን የማልጠራው ድርጅት ሠራልን፤ ግንኙነቱ ተቋርጦ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቁጥር ሲያሳየን ከረመ። እኛ ሰው መመዝገብ አቆመ ብለን ዋጋ ቀነስን!

ኮምጣጤ
ዋጋው ከዳሽቦርዱ በፊት መታደሱ ነው።

ሳባ
ስሙን ንገሩና እንጠንቀቅ እንጂ!

ፓወር_ብቻ
ፓወር ቢአይ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ልኬት
በሁሉም ይደርሳል። ፓወር ቢአይም መታደሱ ሲከሽፍ የድሮውን ቁጥር እንዳለ ያሳያል። መከላከያው አንድ ሳጥን ነው፤ ከትልቁ ቁጥር ሥር የመጨረሻው ምዝገባ የገባበትን ሰዓት አስቀምጡ፦

```
=MAX(Reg!A:A)
```

በየቀኑ ሰው የሚመዘገብ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ የትናንት ወዲያ ከሆነ፣ ዋጋ ከመነካቱ በፊት ሺቱን ከፍቶ የመጨረሻውን ረድፍ ማየት ነው።

አሁን ወደ ማለዳ ጥያቄ ልመለስ። ቀጥተኛ ያሰመረው መስመር ሰው በየቀኑ እኩል ይመዘገባል ብሎ ነው የሚነሳው። አይመዘገብም፤ አብዛኛው ወደ መጨረሻው ይጎርፋል። መወዳደር ያለበት ከራሳችሁ ያለፈ ዝግጅት ጋር ነው፤ ያኔ 21 ቀን ሲቀር ከመጨረሻው ቁጥር ስንት በመቶው ገብቶ ነበር? በወርና በቀን ሳይሆን በቀሪ ቀን አስተካክሉት። ያለፉ ዝግጅቶች ዝርዝር አላችሁ?

ማለዳ
የሁለት ዝግጅት አለን። አሁን ቆጠርኩት፤ 21 ቀን ሲቀር በአንዱ 35 በመቶ፣ በሌላው 42 በመቶ ገብቶ ነበር። የቆጠርኩት የከፈሉትን ብቻ ነው።

ልኬት
እንግዲያው ከዛሬው 130ም የከፈሉትን ብቻ ለይተሽ ቁጠሪ።

ማለዳ
108። 22ቱ ገና ናቸው።

ልኬት
108ን ለ0.35 ስናካፍል 309 ይሆናል፤ ለ0.42 ደግሞ 257። በዚህ አካሄድ መጨረሻችሁ ከ257 እስከ 309 ነው። 22ቱ ዛሬውኑ ቢከፍሉ እንኳ 130 ይሆንና ከ310 እስከ 371 ይደርሳል። በሁለቱም መንገድ 400 አይሞላም። ስለዚህ ለ22ቱ ማስታወሻ መላክ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አያድንም፤ አዲስ ሰው ማምጣት አለባችሁ።

ቀለሙንም በዚሁ ወስኑ። ሁለቱም ግምቶች ከ400 በላይ ከሆኑ አረንጓዴ፣ 400 በመካከላቸው ከወደቀ ቢጫ፣ ሁለቱም ከሥር ከሆኑ ቀይ። ቀይ ሦስት ቀን ሲደጋግም ኢሜይል ይላክ፤ በአንድ ቀን መዋዠቅ ሰው አይረበሽ።

`Reg` የፎርሙ መልስ ነው፤ D የሰው ብዛት፣ H የክፍያ ሁኔታ። `Curve` ላይ A ቀሪ ቀን፣ B በመጀመሪያው ዝግጅት እስከዚያ ቀን የገባው ድርሻ። ዳሽቦርዱን ለብቻው ሌላ ታብ ላይ ሥሪው፤ B1 የጉባኤው ቀን ነው፣ የሚከተሉት ከB2 እስከ B5 ይገባሉ፦

```
=B1-TODAY()
=SUMIFS(Reg!D:D, Reg!H:H, "ከፍሏል")
=VLOOKUP(B2, Curve!A:B, 2, FALSE)
=B3/B4
```

የሁለተኛውን ዝግጅት ድርሻ `Curve` ላይ C አድርጊና የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀመሮች C4 እና C5 ላይ ድገሚ፤ C4 `=VLOOKUP(B2, Curve!A:C, 3, FALSE)`፣ C5 `=B3/C4` ይሁን።

ቀጥተኛ
ረድፍ መቁጠር እያለ SUMIFS ለምን?

ልኬት
አንድ መሥሪያ ቤት 12 ሰው በአንድ ቅጽ ካስመዘገበ ረድፉ አንድ ነው፤ ሰዉ ግን 12።

ሳባ
እኔ ደግሞ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር ልጨምር። “ከፍሏል” የሚለው በእጅ እንዳይጻፍ፤ ተቆልቋይ ዝርዝር አድርጉት። አንዱ “ከፍሏል”፣ ሌላው “ከፍሎአል” ብሎ ከጻፈ ቀመሩ ሁለተኛውን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ስህተት ብሎ እንኳ አይጮህም። የሰው ብዛት የሚጠይቀው ሳጥንም ቁጥር ብቻ እንዲቀበል አድርጉ። “5 ሰው” ተብሎ የተሞላ ጽሑፍ ነው፣ አይደመርም። ሰዉ አለ፣ ድምሩ ላይ ግን የለም።

ኮምጣጤ
ጥሩ ነው፤ ለሚቀጥለውም ዝግጅት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ግምት ትልቅ አድርገው ይስቀሉት፤ አለቃው ያብድ።

ልኬት
ቀልድህ እውነት አለው። መጀመሪያ አካባቢ ድርሻው 5 በመቶ ብቻ ሲሆን 12 ሰው ባንድ ጊዜ ቢገባ ግምቱ በ240 ይዘላል። ስለዚህ ድርሻው 15 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ግምቱን ደብቁት፤ የገባውን ቁጥር ብቻ አሳዩ። ሌላው ደካማ ጎኑ የቅናሽ ቀን ነው። ባለፈው ቅናሹ 30 ቀን ሲቀር ካበቃና ዘንድሮ 14 ቀን ሲቀር ከሆነ፣ ዛሬ ዝቅ ማለታችሁ ምንም ላይሆን ይችላል።

ሳባ
እኔ 15 በመቶን እንደ ሕግ አልወስደውም። ብዙ በቡድን የሚመዘገብ ካለ 25 በመቶ ላይም ይዘላል።

ልኬት
ልክ ነሽ፤ የቡድኑ መጠን ይወስነዋል።

ሳባ
ከቀለሙ ሥር ደግሞ “ማን ዘንድ ይደወል” የሚል ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ሰው አመጣለሁ ያለ አጋር ካለ፣ ቃል የገባውንና ያስመዘገበውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። 60 ብሎ 2 ያመጣውን አንድ ስልክ ያነቃዋል፤ ለሁሉም የጅምላ መልእክት መላክ ግን የሰለቸውን ያሰለቻል። አዳራሹንና ምግቡን መቀነስ የሚቻልበት የመጨረሻ ቀንም ግራፉ ላይ በቋሚ መስመር ይሰመር።

የተቃጠለ
ያ ድርጅት ግን ገንዘባችንን እስካሁን አልመለሰም።

ፓወር_ብቻ
ይህን ሁሉ ፓወር ቢአይ ላይ መሥራት ይቻላል።

ኮምጣጤ
ማለዳ፣ ቅናሻችሁስ መቼ ነው የሚያበቃው?

ማለዳ
ባለፉት ሁለቱም 30 ቀን ሲቀር ነበር። ዘንድሮ... አራዝመነዋል። ስብሰባ ልገባ ነው፣ እመለሳለሁ።

በር_ላይ
ኪውአሩን ግን አስቡበት።